የመጋዘን ቆጠራው ልዩነት

ውድ የሸማቾች ማኅበራችን አባላት፣

የምግብ ዘይት በመዝገብ 184 ጀሪካን ነው፤ ስንቆጥር 166 አገኘን። 18 ጎደለ። ሌባ ከመፈለጋችን በፊት ግን ቁጥሩን አየነው፤ ለ9 እኩል ይካፈላል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ አሃዞች ቦታ ተቀያይረው ተጽፈዋል። የወጪ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ከስቶክ ካርዱ ጋር አመሳከርን። እውነትም 53 የወጣው ካርዱ ላይ 35 ተብሎ ተመዝግቧል። ዘይቱ አልጠፋም።

የጎደለው ስኳር ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰ ነው፤ ተመዝኖ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

የጎደለው 4 ካርቶን ሳሙና ግን ያሳስበኛል። ሌላ ሰው ደግሞ ቆጥሮታል፣ ሰነዱ ልክ ነው፣ የተበላሸም የለም። «ብልሽት» ብሎ መሰረዝ አግባብ አይደለም። የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ እንደነበር እስኪጣራ በጉድለት ተመዝግቦ ይቆያል።