መዝገቡ ለአሠሪ ተዘጋ እንጂ ለኢሚግሬሽን አልተዘጋም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

አሜሪካ ውስጥ የወንጀል ሪከርድ ስለማዘጋትና ስለማሰረዝ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ማመልከቻው አቀራረብ የተባለው ደህና ነው። አንዷ ዓረፍተ ነገር ግን አናደደችኝ፤ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ «ተከሰህ ታውቃለህ ወይ?» ለሚል ለማንኛውም ጥያቄ «አላውቅም» ማለት ይቻላል የምትለዋ። ለማንኛውም? ከአንባቢዎቻችሁ ስንቱ ግሪን ካርድ ይዞ ዜግነት የሚጠብቅ እንደሆነ እያወቃችሁ፣ ስለ እኛ አንድ መስመር እንኳ ለምን ጠፋ?

መዝገብ የሚዘጋው በግዛት ሕግ ነው። ኢሚግሬሽን የሚሠራው ግን በፌዴራል ሕግ ነው። ከ1996 ወዲህ ይህ ሕግ «ጥፋተኛ» ለሚለው ቃል የራሱን ትርጉም ይሰጣል፦ ሰውዬው ጥፋቱን ካመነና ዳኛው ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለበት፣ ግዛቱ በኋላ ክሱን ቢሰርዘውም በጥፋተኝነት ይቆጠራል።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ግሪን ካርድ ካገኘ ሦስት ዓመት የሆነው ሰው ከሱቅ ዕቃ ሳይከፍል ወጣ ተብሎ ተከሰሰ እንበል። «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ አንድ ዓመት ፕሮቤሽን ጨርስ፣ ከዚያ ክሱ ይነሳልሃል» ተባለ። ጨረሰ፤ ክሱ ተነሳ፤ መዝገቡም ተዘጋ። በብዙ ግዛቶች ለግል አሠሪ «የለብኝም» ቢል ሕጉ ይደግፈዋል። ለኢሚግሬሽን ግን ማመኑም ፕሮቤሽኑም እዚያው አሉ። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400፣ መዝገቡ ቢዘጋም፣ ቢሰረዝም፣ ዳኛ ወይም ጠበቃ «ከእንግዲህ ሪከርድ የለብህም» ቢል እንኳ እንዲገለጽ በግልጽ ይጠይቃል። የሰውዬው አሻራ ወደ ኤፍቢአይ ይላካል፤ የተያዘበት ቀንም የኢሚግሬሽን መኮንኑ ፊት ይቀርባል። የእናንተን ምክር ሰምቶ በመሐላ «አላውቅም» ካለ፣ ምናልባት ሊታለፍለት ይችል የነበረው ትንሽ ጥፋት ቀርቶ ውሸቱ ራሱ ማመልከቻውን ያስጥልበታል። የሱቅ ስርቆትም ቢሆን ከዜግነት አልፎ፣ እንደ ቅጣቱ መጠንና እንደ ተፈጸመበት ጊዜ፣ ግሪን ካርዱን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ከአገር ከመውጣቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማየት አለበት።

ለጎብኚ ቪዛም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ቪዛ ፎርም ምሕረት ወይም ይቅርታ የተደረገለትን ጥፋት ጭምር ይጠይቃል። ተይዘህ ታውቃለህ ወይ ሲል ተፈርዶብሃል ወይ ማለቱ ብቻ አይደለም።

ጽሑፋችሁ ጭራሹን የዘለለውና ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር ደግሞ የወረቀቱ ጉዳይ ነው። መኮንኑ የፍርድ ቤት ማኅተም ያለበት የውሳኔ ግልባጭ አምጣ ይላል፤ መዝገቡ ተዘግቷል ማለት ሰበብ አይሆንም፤ የማስረዳቱ ሸክም የአመልካቹ ነው። በአንዳንድ ግዛቶች መዝገቡ ሲሰረዝ ፋይሉም ይወገዳል፤ ከዚያ በኋላ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ቢፈልግም የሚሰጠው የለም። ስለዚህ የመዝገብ ማዘጊያው ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት የክሱን ጽሑፍ፣ ጥፋተኝነቱ የታመነበትን ወረቀት፣ የመጨረሻውን ውሳኔና ፕሮቤሽኑ መጠናቀቁን የሚያሳየውን ማስረጃ በማኅተም፣ ከሁለት ከሁለት ቅጂ ማውጣት ያስፈልጋል። ጥፋት ሳይታመንና ዳኛ ቅጣት ሳይጥል የተቋረጠ ክስ ከሆነም፣ ይህን የሚያረጋግጠው ያው ወረቀት ነው።

ለሥራም ይጠቅማል። የሠራተኛ ታሪክ አጣርተው የሚሸጡ ኩባንያዎች መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊት የገለበጡትን አሮጌ መረጃ ሊያወጡ ይችላሉ። አሠሪው በዚያ ሪፖርት ምክንያት ሊከለክል ሲያስብ አስቀድሞ ቅጂውን መስጠት አለበት። ያኔ የመዝጊያ ትእዛዙን አያይዞ ለኩባንያው ቅሬታ መጻፍ ነው፤ ኩባንያው በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ ማረም ግዴታው ነው።

ፌዴራሉም የሚቀበለው መሰረዝ አለ፤ ፍርዱ ከመነሻው የሕግ ጉድለት ስለነበረበት ሲሻር። ጠበቃው ጥፋተኛነትን ማመን ከአገር እንደሚያስባርር ሳያስጠነቅቅ ደንበኛውን ካስፈረመ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በፓዲያ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ይህ ለመሻር ምክንያት ሊሆን ይችላል። ዳኛው የሻረበት ምክንያት ግን በትእዛዙ ላይ መጻፍ አለበት። «ቅጣቱን በመልካም ስለጨረሰ» ወይም «ከመባረር ለማዳን» ብቻ ከሆነ ኢሚግሬሽን እንዳልተሻረ ይቆጥረዋል።

እርማቱን ጽሑፉ በወጣበት ገጽና በዚያው የፊደል መጠን እንድታወጡት እጠይቃለሁ። «ለማንኛውም» የሚለው ይውጣና «ለአብዛኛው የግል አሠሪ፤ ለኢሚግሬሽን ግን በፍጹም» ተብሎ ይጻፍ።

አንባቢያችሁ