የታችኛው ክፍል ልጆች የቤት ሥራ፦ ምን ያህል? የትኛው?

ለ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጤና ይስጥልን።

ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የመጀመሪያ ሰኞ ጀምሮ የልጆቻችሁ የቤት ሥራ ይቀንሳል። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል በቀን ቢበዛ 20 ደቂቃ፣ ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ቢበዛ 40 ደቂቃ ይሆናል። በየቀኑ 10 ደቂቃው ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ዓርብ ከንባብ ሌላ ምንም አይሰጥም። ኬጂዎች የቤት ሥራ የላቸውም።

ይህን ስታነቡ አንዳንዶቻችሁ «ተመስገን» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ታዲያ ለምንድነው የምንከፍለው?» ትላላችሁ። ደብዳቤው የረዘመው በተለይ ለእናንተ ስል ነው።

መጀመሪያ ሥራው እንዴት እንደሚበዛ ላስረዳ። ማንም መምህር ልጅ ላስጨንቅ ብሎ አይነሳም። የአማርኛዋ መምህርት አንድ ገጽ ገልብጡ ትላለች። የእንግሊዝኛው አሥር ቃል አምስት አምስት ጊዜ ጻፉ ይላል። የሒሳቡ ሃያ ጥያቄ ይሰጣል። የአካባቢ ሳይንስ ደግሞ «ትንሽ ናት» ተብላ አምስት ጥያቄ ትጨመራለች። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ልኩን ነው። ኮሚዩኒኬሽን ቡኩ ላይ ሲደረደር ግን የ2ኛ ክፍል ልጅ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቁጭ ይላል። ከሰርቪስ ወርዶ፣ መክሰስ በልቶ፣ ትንሽ ተጫውቶ ሲጀምር ደግሞ ማታ ሦስት ሰዓት ሆኖ እያለቀሰ ይጨርሳል። ስለዚህ ካሁን በኋላ ከንባቡ ሌላ በአንድ ቀን ሥራ የሚሰጠው አንድ ትምህርት ብቻ ነው። ተራው በየክፍሉ ተለጥፏል፤ ኮሚዩኒኬሽን ቡኩ ላይም ይጻፋል።

ደቂቃውን ከየት አመጣችሁት ለምትሉ፣ የታወቀ መለኪያ አለ፤ በክፍል ደረጃ አሥር አሥር ደቂቃ፣ 1ኛ ክፍል 10፣ 2ኛ ክፍል 20 እያለ የሚሄድ። በአሜሪካ የመምህራንና የወላጆች ማኅበራት የሚመክሩት ነው። በቤት ሥራ ጥናት ስሙ የሚነሳው ሃሪስ ኩፐር ከባልደረቦቹ ጋር በ2006 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ አይቷል። የቤት ሥራ መሥራትና ጥሩ ውጤት በከፍተኛ ክፍሎች አብረው ይሄዳሉ፤ በታችኛው ክፍል ግን ግንኙነቱ በጣም ደካማ ነው። ይህ ማለት የቤት ሥራ ትንንሽ ልጆችን አይጠቅምም ማለት አይደለም። በዚህ ዕድሜ ረጅም ሰዓት የሚቀመጠው ትምህርቱ የከበደው ልጅ ሊሆን ስለሚችል፣ ሰዓቱ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። እኔ የወሰድኩት ይህን ነው፤ ደቂቃ መጨመር ለ2ኛ ክፍል ልጅ ውጤት ይጨምራል የሚል ማስረጃ የለኝም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ምን ይሠራ የሚለው ነው።

ከግልበጣ ልጀምር። «አሥር ቃል አምስት አምስት ጊዜ» የሚለውን ደብተር አውጡና ልጁ ሲጽፍ ከጎኑ ሆናችሁ እዩ። ደብተሩን ሳይሆን እጁን። book የሚለውን አምስት ጊዜ እንዲጽፍ የታዘዘ ልጅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አምስት b ከላይ ወደ ታች ይደረድራል። ቀጥሎ አምስት o፣ ከዚያ ሌላ አምስት o፣ በመጨረሻም አምስት k። ገጹ ሞልቷል፤ ቃሉ ግን አንድም ጊዜ አልተነበበም። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ብልህ ነው፣ አቋራጩን አግኝቷል። ፊደላቱ ቀጥ ብለው እንደ ግድግዳ ከተሰለፉ፣ ወይም የመጀመሪያው ስሕተት አምስቱም ላይ ከተደገመ፣ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። አማርኛ ላይም ያው ነው። አንድ ገጽ እያየ የሚገለብጥ ልጅ ፊደል በፊደል ሥዕል እንደሚስል ነው የሚሠራው።

በምትኩ አምስት ቃል ብቻ እንሰጣለን። ልጁ ቃሉን አይቶ ድምፁን አውጥቶ ያነባል። በእጁ ይሸፍነዋል። ሳያይ ይጽፋል። ገልጦ ያስተያያል። ከተሳሳተ ያንኑ ቃል እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። አምስት ቃል ከአሥር ደቂቃ አያልፍም። ሳያዩ መጻፍ ቃሉን ከጭንቅላት ማውጣት ስለሚጠይቅ፣ ቃሉ የሚቀረው እዚያ ላይ ነው። የእጅ ጽሕፈት ግድ የላችሁም ወይ የሚል ይኖራል። አለን፤ ግን እርሳስ አያያዝና የፊደል አጣጣል መምህሯ ቆማ እያየች በክፍል ውስጥ የሚታረም ነገር ነው።

ወደ ሒሳብ ልለፍ። ሃያ አንድ ዓይነት ጥያቄ መስጠት ለሁለት ልጆች ሁለት የተለያየ ነገር ያደርጋል። ለሚችለው ልጅ አሥራ አምስቱ ትርፍ ነው። ለማይችለው ደግሞ የባሰ ነው። 34 + 28 የሚል ጥያቄ ውሰዱ። አንዳንድ ልጅ 3 እና 2ን ደምሮ 5 ይጽፋል፤ 4 እና 8ን ደምሮ 12 ይጽፍበታል። መልሱ 512 ሆነ። ወይም 52 − 17 ላይ «ከ2 ላይ 7 አይቀነስም» ብሎ ገልብጦ 7 − 2 ያደርግና 45 ይጽፋል። ይህ በግዴለሽነት የመጣ ስሕተት አይደለም፤ ልጁ የራሱ ሕግ አለው፣ ሕጉ ግን ትክክል አይደለም። ይህን ሕግ ቤት ውስጥ ሃያ ጊዜ ሲደጋግመው ይጠነክራል። ከዚያ መምህሩ ማስተማር ብቻ ሳይሆን ማስረሳትም አለበት።

ስለዚህ የሒሳብ የቤት ሥራ ስድስት ጥያቄ ይሆናል። አራቱ ልጁ በክፍል ውስጥ ብቻውን በትክክል የሠራው ዓይነት ናቸው። አንዱ ካለፈው ወር ትምህርት ይመጣል፤ እንዳይረሳ። ስድስተኛው በአፍ የሚነገር ነው፤ «34 እና 28 ሲደመር ለምን ከ100 በታች እንደሚሆን ለአንድ ሰው አስረዳ» ዓይነት። 512 የጻፈው ልጅ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ራሱ ይባንናል። የዚያን ቀን የተማሩት አዲስ ነገር ግን ለቤት አይሰጥም። ልጅ ብቻውን ሊሠራው የማይችለው ሥራ ተሰጥቶት ከሆነ፣ ሥራው የተሰጠው ለእናንተ ነው።

በየቀኑ ሊሠራ ይገባዋል የምለው ንባብን ብቻ ነው። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገው የታችኛው ክፍል የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። እኛ ጋ ቁጥሩ እንዲህ አይደለም፤ የችግሩን ዓይነት ግን እዚህም አየዋለሁ። ሀ ሁ ሂ ሃን በዜማ የሚያወርድ ልጅ ሁሉ ፊደል ያውቃል ማለት አይደለም። ቅደም ተከተሉን ነው የያዘው። ፊደሎቹን አደበላልቃችሁ ነጠላ ነጠላውን ጠይቁት። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግሩት ሳድሶቹ ናቸው፤ ን፣ ር፣ ል፣ ት ቅርጻቸው አንድ ወጥ ስላልሆነ። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘም ይምታታሉ። ፊደሉን ሁሉ ከማስደገም ይልቅ የተምታቱትን አራት አምስት ብቻ ለይቶ መሥራት ይሻላል።

ማታ እንዲህ ይሁን። ልጁ ከትምህርት ቤት ይዞ የመጣውን አጭር ምንባብ ጣቱን ከመስመሩ በታች እያስኬደ ጮክ ብሎ ያነብባል። አድማጭ ማንም ይሁን፤ አያት፣ ታላቅ እህት፣ ቤት ውስጥ የምታግዛችሁ ልጅ። አድማጩ ማንበብ ባይችልም ችግር የለውም። ሲጨርስ «ምን ሆነ? ንገረኝ» ማለት ይበቃል። ያነበበውን መልሶ መተረክ ካልቻለ ፊደሉን እንጂ ሐሳቡን አላነበበም። በቃሉ ይዞት እንደሆነ ከተጠራጠራችሁ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አስጀምሩት። ከአሥር ቃል ከአንድ በላይ የሚያደናቅፈው ከሆነ ምንባቡ ከብዶታል፤ ኮሚዩኒኬሽን ቡኩ ላይ «ከበደ» ብላችሁ ጻፉ፣ ቀለል ያለ እንልካለን። አንድ ነገር ልብ በሉ። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀው ከሚላላው አይለይም። ልጁ «ገና» የሚለውን በዓሉ መስሎት ሲያነብብና ትርጉሙ አልሄድ ሲለው ቆም ብሎ መልሶ ካነበበ ደስ ይበላችሁ። አትቸኩሉ፣ አትንገሩት፤ ትንሽ ጠብቁት።

ፕሮጀክት የሚባለው ነገር ለታችኛው ክፍል ቀርቷል። እውነቱን እንነጋገር፤ ባለፉት ዓመታት ያየናቸውን የውኃ ዑደት ፖስተሮች የሠሩት አባቶችና የሰፈር ማተሚያ ቤቶች ናቸው። አንዳንዶቹ በጣም ያምሩ ነበር።

አስጠኚ ለቀጠራችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። የቤት ሥራውን ስሕተት አታርሙት፣ አታሳርሙትም። ደብተሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሲመጣ መምህሩ 512 የሚጽፈውን ልጅ አያገኘውም፤ ችግሩ የሚታየው ፈተና ላይ ነው። ለዚህም ሲባል የቤት ሥራ ካሁን በኋላ ነጥብ የለውም። መምህሩ ያየዋል፣ ምን እንደጎደለ ይመዘግባል፣ በማግሥቱ እነዚያን ልጆች ለብቻ ይዞ ያስተካክላል። አስጠኚው ጊዜ ካለው ያንብብላቸው፣ ያስነብባቸው።

ደቂቃው ሲሞላ ሥራው ባያልቅም የደረሰበት ላይ መስመር አስምሩና ፈርሙ። ልጁ አይቀጣም፣ ዕረፍት ሰዓቱንም አያጣም። በአንድ ሳምንት ሁለት ሦስት መስመር ከመጣ ግን እንጠራችኋለን። ወይ ሥራው በዝቷል፣ ወይ ልጁ የጎደለው ነገር አለ፣ ወይም ዓይኑ መታየት አለበት። ሦስቱም አጋጥሞናል።

«ጎረቤት ያለው ትምህርት ቤት እኮ በየቀኑ አራት ደብተር ነው የሚልከው» ማለታችሁ አይቀርም። ይላክ። እኛን በደብተር ብዛት አትመዝኑን። በሰኔ ልጃችሁን አይቶት የማያውቀውን የክፍሉን ምንባብ ሰጥታችሁ አስነብቡትና በዚያ መዝኑን። የቀረው ሰዓት ለስልክ እንዳይሆን መጠበቅ ግን የእናንተ ድርሻ ነው፤ እዚያ ድረስ እጄ አይደርስም።

የመጪው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የየክፍሉ ኃላፊ መምህራን አንዱን ምሽት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠርተው ያሳዩአችኋል። ስትመጡ የልጃችሁን የአንደኛ መንፈቀ ዓመት የአማርኛና የሒሳብ ደብተር ይዛችሁ ኑ። መምጣት የማትችሉ በኮሚዩኒኬሽን ቡኩ አሳውቁን፤ ሌላ ቀን እንቀጥራችኋለን።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር