ለደንበኞቻችን፦ የሐዋሳ መስመር ኪሎ ሜትር ለምን በዝቶ ታየ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ወር አንድ ደንበኛችን ደውለው "እናንተ ሰዎች፣ ሐዋሳን አርቃችኋታል እንዴ?" አሉን። ስምንት የጭነት መኪና አላቸው። ግማሾቹ ከአዳማ ወደ ድሬዳዋ፣ ግማሾቹ ወደ ሐዋሳ ይሠራሉ፤ የሹፌሮቹ አበል ደግሞ የሚሰላው የእኛ የጂፒኤስ መኪና መከታተያ ሪፖርት ላይ በሚወጣው ኪሎ ሜትር ነው። የመሬት ቅየሳ የተማረ የእህታቸው ልጅ ለማጣራት ብሎ ከተማ ከከተማ ያለውን የቀጥታ መስመር ርቀት በራሱ ሶፍትዌር ለክቶታል። ድሬዳዋ ከእኛ ጋር ገጠመ ማለት ይቻላል። ሐዋሳ ግን አልገጠመም፤ ከ700 ሜትር በላይ አብዝተን ተገኘን።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ "ጂፒኤስ ነው፣ ሲግናል ነው" ብለን ልናልፈው ነበር። እንዲህ ማለት ለምዶብናል። ግን በቀጥታ መስመር ልኬት ላይ የሲግናል መዋዠቅ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይጥላል እንጂ ሁሌ በአንድ በኩል አያበዛም፣ ቢበዛም ጥቂት ሜትር ነው እንጂ ርቀቱ ባደገ ቁጥር አብሮ አያድግም። የእኛ ስህተት ደግሞ በሐዋሳ መስመር ሁሌ ይበዛል፣ ከርቀቱ ጋር ያድጋል፣ ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ አቅጣጫ ይመርጣል። ስለዚህ ችግሩ መኪናው ላይ የተገጠመው ዕቃ ሳይሆን ኮዳችን ውስጥ ነበር።

ኮዱ ርቀት የሚያሰላው ሃቨርሳይን በሚባለው ቀመር ነበር። ይቺ ናት፦

```
a = sin²(Δφ/2) + cos φ1 · cos φ2 · sin²(Δλ/2)
d = 2 · R · asin(√a)
R = 6371
```

φ ኬክሮስ ነው፣ λ ኬንትሮስ፣ Δ በሁለቱ ነጥቦች መሃል ያለው ልዩነት፣ R ደግሞ የምድር ሬዲየስ በኪሎ ሜትር። ቀመሩ ራሱ ምንም እንከን የለበትም። ምድር ፍጹም ድቡልቡል ኳስ ብትሆን ኖሮ መልሱ ትክክል ይሆን ነበር። ነገር ግን ምድር ከላይና ከታች ትንሽ ጨፍለቅ፣ ወገቧ ላይ ትንሽ ገፋ ያለች ናት። ጂፒኤስ ራሱ የሚጠቀምበት WGS84 የተባለው ሞዴል ከመሃል እስከ ምድር ወገብ 6378.137 ኪሎ ሜትር፣ ከመሃል እስከ ዋልታ ደግሞ 6356.752 ኪሎ ሜትር ይላል። ልዩነቱ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 6371 የሁለቱ ዓይነት አማካይ ናት፣ ለመላው ዓለም አንድ ቁጥር ይሁን ተብላ የተመረጠች።

እዚህ ጋ እኛንም ያደናገረን ነገር አለ። እኛ ያለነው ምድር ወገብ አጠገብ ነው፣ ምድር እዚህ "ትልቅ" ነች፣ ስለዚህ በ6371 ማስላት ርቀቱን ማሳነስ እንጂ ማብዛት አልነበረበትም፣ አይደል? ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለሚሄድ መስመር አዎ፣ ልክ እንደዚያ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ ግን ተቃራኒው ይሆናል።

ብርቱካን በመዳፋችሁ ከላይ ተጫኑትና ከጎን እዩት። የተጫናችሁት አናቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ወገቡ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ባለው አቅጣጫ ይበልጥ ይጎብጣል። ኬክሮስ የሚለካው ደግሞ በቱንቢ ገመድ አቅጣጫ ነው በሉት፤ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ቱንቢው አንድ ዲግሪ እስኪዞር ድረስ የሄዳችሁት መንገድ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ ይባላል። ወለሉ በደንብ የጎበጠ ከሆነ ቱንቢው ቶሎ ይዞራል፣ መንገዱም ያጥራል። ስለዚህ በእኛ አካባቢ፣ 8 ዲግሪ ሰሜን ላይ፣ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 110.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋልታ አካባቢ 111.7 ይደርሳል። ሃቨርሳይን ግን ኳስ ነው ብሎ ስላመነ የትም ቦታ 111.19 ነው ይላል። (ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1730ዎቹ አንድ ቡድን ወደ ፔሩ፣ አንዱን ወደ ላፕላንድ ልከው ምድር ጨፍለቅ ያለች መሆኗን ያረጋገጡት በዚሁ ነገር ነው፤ ሰሜን ያለው ዲግሪ ረዝሞ ተገኘ።)

ሁለት መስመር በቁጥር እንይ። ከ7 ዲግሪ ወደ 9 ዲግሪ ሰሜን፣ በ38.5 ኬንትሮስ ላይ ቀጥ ብለን እንውጣ። ሃቨርሳይን 222.39 ኪሎ ሜትር ይላል፣ በኤሊፕሶይድ፣ ማለትም ጨፍለቅ ባለው የምድር ቅርጽ፣ ሲሰላ 221.19 ነው። 1.2 ኪሎ ሜትር ከየትም የመጣ ትርፍ! በሌላ በኩል በ8.5 ዲግሪ ሰሜን ላይ ከ39 ወደ 41 ዲግሪ ምሥራቅ እንሂድ። ሃቨርሳይን 219.95፣ ኤሊፕሶይድ 220.21። አሁን ደግሞ 260 ሜትር ጎደለ። በአጭሩ በእኛ አገር ወደ ሰሜንና ደቡብ በየኪሎ ሜትሩ 5 ሜትር ተኩል ያህል ይበዛል፣ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ 1 ሜትር ከ20 ያህል ያንሳል።

በሁለቱ መሃል ታዲያ ስህተቱ ዜሮ የሚሆንበት አቅጣጫ መኖር አለበት። በእርግጥም አለ፤ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 65 ዲግሪ ያህል ዞር ሲሉ። አዳማ ላይ ቆማችሁ ድሬዳዋን ብታዩ ወደ 67 ወይም 68 ዲግሪ ነው! ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ቀጥታ መስመር ስህተታችን 100 ሜትር አይሞላም። ሲስተሙን ስንጀምር የሞከርነው በየትኛው መስመር ላይ ይመስላችኋል? በድሬዳዋ። "ቆንጆ ነው፣ ያለ እንከን ይሠራል" ብለን ፈርመን አለፍን። ሐዋሳ ግን ወደ ደቡብ ስለሚያደላ በ185 ኪሎ ሜትር ቀጥታ መስመር 730 ሜትር ገደማ አስጨመረን።

አንዱ ባልደረባችን "ታዲያ ሬዲየሱን ቀንሰን 6350 እናድርገው" አለ። ሞከርነው። ሐዋሳ ተስተካከለች፤ ድሬዳዋ ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ አጠረች። ስህተቱ በአቅጣጫ ስለሚለያይ አንድ ቁጥር ነካክቶ ሁሉንም ማዳን አይቻልም። ኳሱን አሳነስነው እንጂ ኳስነቱ አልቀረም።

አሁን ወደ እናንተ ጉዳይ። ይህ ነገር የሚነካችሁ መቼ ነው?

ካርታ ላይ መኪናችሁ ያለችበትን ቦታ ብቻ የምታዩ ከሆነ አይነካችሁም። ቦታው የሚመጣው ከጂፒኤሱ ነው፣ ሃቨርሳይን እዚያ ውስጥ የለም። መጋዘናችሁ ዙሪያ የ200 ሜትር ክብ አስደርጋችሁ "መኪና ገባ፣ ወጣ" የሚል መልእክት የሚደርሳችሁም እንደዚያው፤ ስህተቱ 1 ሜትር ነው፣ ጂፒኤሱ ራሱ ከዚያ በላይ ይስታል። "ለዚህ ጭነት የትኛው መኪና ይቀርባል?" ለሚለውም ሃቨርሳይን ይበቃል፤ ፈጣን ስለሆነ እዚያ ገጽ ላይ አሁንም አለ፣ ሆን ብለን ነው የተውነው።

የሚነካችሁ በኪሎ ሜትር ገንዘብ የምትከፍሉ ወይም የምትቀበሉ ከሆነ ነው። ሄዶ ሲመለስ ይካካሳል ብላችሁ እንዳታስቡ። ሲሄድም ይበዛል፣ ሲመለስም ይበዛል። በሐዋሳ አቅጣጫ በወር 5,000 ኪሎ ሜትር የሚሠራ መኪና 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ያልሄደበት ይመዘገብለታል። ሁለተኛው ትልልቅ ክብ ነው። "ከአዳማ 50 ኪሎ ሜትር ከወጣ የውጭ አበል ይታሰብ" ብላችሁ ያስሞላችሁን አላችሁ፤ በዚህ ስሌት ወደ አሰላ በኩል ያለው ድንበር በእውነቱ 49.73 ኪሎ ሜትር ላይ ነበር፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ 50.06 ላይ። ክቡ ክብ አልነበረም ማለት ነው።

እንዳናጋንን ደግሞ፦ የጉዞ ኪሎ ሜትር ላይ ከዚህ የሚበልጡ ስህተቶች አሉ። የእኛ ዕቃ በየ30 ሴኮንዱ አንድ ነጥብ ይልካል፣ ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር ስናያይዝ የመንገዱ ጥምዝ ይቆረጣል። የቆመ መኪና ደግሞ ነጥቡ እየዘለለ ባልሄደበት ሜትር ይቆጥራል። ያረጀ ጎማ የዳሽቦርዱን ቆጣሪ ያሳስተዋል። ስለዚህ ሪፖርታችንና የመኪናው ቆጣሪ በመቶ ሁለት ቢለያዩ ጥፋቱን ሁሉ ምድር ላይ አታሳብቡ።

የመሬት ይዞታ ለመለካት በእኛ ዕቃ የምትጠቀሙ ካላችሁ ግን፣ ተዉት። በድሮዎቹ የአገራችን ካርታዎች ላይ ያለው ቁጥር አዲንዳን በሚባለው መነሻ የተሰላ ነው፤ ከጂፒኤስ ጋር ሳይቀየር ከተደባለቀ ከ200 ሜትር በላይ ይስታል። ያ ከዚህ ጋር የማይገናኝ ሌላ ጣጣ ነው፣ የቀያሽ ሥራ ነው።

ምን አደረግን? ከኅዳር 1 ጀምሮ የጉዞ ኪሎ ሜትርና ከ5 ኪሎ ሜትር የሚበልጡ ክቦች ሁሉ በኤሊፕሶይድ ይሰላሉ። ቪንሰንቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ዘዴ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በምድር ተቃራኒ ጫፍ ላይ ለሚገኙ ሁለት ነጥቦች ስሌቱ መልስ ላይ ሳይደርስ ሊዞር ይችላል። የእኛ መኪኖች ወደ ፓስፊክ ስለማይወርዱ ባያሳስበንም፣ ያ ችግር የሌለበትን የካርኒን ዘዴ መረጥን። የራሳችሁ ፕሮግራመር ያላችሁ፣ በራሳችሁ ሲስተም ላይ ይህን ሞክሩ፦

```python
from geopy.distance import geodesic, great_circle
a = (7.0, 38.5)
b = (9.0, 38.5)
print(great_circle(a, b).km)
print(geodesic(a, b).km)
```

መጀመሪያ 222.39፣ ቀጥሎ 221.19 ይወጣል። የእናንተ ሲስተም ለእነዚህ ሁለት ነጥቦች የመጀመሪያውን ቁጥር ከሰጠ እንደ እኛ በኳስ ነው የሚያሰላው። ስትሞክሩ ታዲያ በሰሜንና ደቡብ መስመር ሞክሩ፣ በድሬዳዋ እንዳትሸወዱ።

የድሮ ሪፖርቶችን አልነካንም፣ ምክንያቱም የፈረማችሁባቸውና የከፈላችሁባቸው አሉ። የጂፒኤስ ነጥቦቹ ግን ሁሉም ተቀምጠዋል፤ ያለፉት 12 ወራት እንደገና ይሰሉልኝ የምትሉ የሰሌዳ ቁጥሩንና ወሩን ላኩልን፣ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አድርገን እንልክላችኋለን። ክፍያ የለውም። የደወሉልን ደንበኛችን የሐዋሳ መኪኖቻቸው ሒሳብ ቀድሞ ደርሷቸዋል፤ ለሹፌሮቹ የተከፈለውን ትርፍ "ይብሉት" ብለዋል፣ የእኛን የወር ክፍያ ግን ቀንሰንላቸዋል።

የመኪና መከታተያ ክፍል
አዳማ