የአማርኛ ቋንቋ ክበብ፦ ከ«ስለማይመሳሰል» እስከ ሙሉ ዓረፍተ ነገር

ዘንድሮ የክበባችንን አቅጣጫ የለወጠው አንድ የፈተና ወረቀት ነው። ጥቅምት ላይ የኅብረተሰብ ትምህርት መምህራችን የ8ኛ ክፍል ወረቀቶች ታቅፈው መጡና አንዱን አሳዩኝ። ተራ ቁጥር 4 ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ስለማይመሳሰል»። ጥያቄው «የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ለምን ውዝግብ አስነሳ?» ይላል። መመሪያው ደግሞ «በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ» ይላል። «ምን ከምን ነው የማይመሳሰለው? ልጁ ያውቀው ይሆናል፤ እኔ በምን ልወቅለት?» አሉኝ።

በፊት በፊት በክበባችን ግጥም እናነባለን፣ ተረትና ምሳሌ እንሰበስባለን። እሱ አልቀረም። ግን ከጥቅምት ጀምሮ የረቡዕን ሰዓት አብዛኛውን ለአጭር መልስ ጥያቄ ሰጠነው። ልጆቻችን ምርጫ መሥራት ለምደዋል፤ ፊደል ከመክበብ ወጥተው አንድ መስመር ጻፉ ሲባሉ ይጨንቃቸዋል።

መጀመሪያ «ሙሉ ዓረፍተ ነገር ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አብዛኞቹ «ረጅም» አሉኝ። ይሄ ትክክል አይደለም። በአማርኛ «መጣች» ብቻዋን ዓረፍተ ነገር ናት፤ ባለቤቷን በግሱ ውስጥ ይዛለች። ስለዚህ በርዝመት መለካቱን ትተን ሌላ መለኪያ ያዝን። ጥያቄውን በእጅህ ሸፍነህ መልሱን ብቻ ለጓደኛህ አሳየው። ስለ ምን እንደተጻፈ ከገባው መልሱ ሙሉ ነው። «ምኑ?» ብሎ ከጠየቀህ ጎድሏል። ልጆቹ ደብተር ተለዋውጠው ይህን ሲሠሩ «ምኑ?» የሚለው ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

ቀጥሎ ወደ ጥያቄው ተመለስን። ሰሌዳ ላይ «የአድዋ ጦርነት መቼ ተካሄደ?» ብዬ ጻፍኩና «መቼ» የሚለውን ብቻ በዳስተር አጠፋሁ። ባዶው ቦታ ላይ አንዷ ልጅ «የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.» ብላ ጻፈችበት። ሌላው ቃል ከቦታው አልተነቃነቀም። አማርኛ ለዚህ ይመቻል፤ መጠይቁ የሚቀመጠው መልሱ በሚቀመጥበት ቦታ ነው። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ መጠይቁን ከፊት አንስተው፣ ግሱን ቀይረው የሚቸገሩ ልጆች ይህን ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ።

ሁለት መጠይቅ ያለው ጥያቄ ላይ ጥቅሙ ይበልጥ ታየ። «የውጫሌ ውል መቼና በእነማን መካከል ተፈረመ?» ሲባሉ ብዙዎቹ ቀኑን ብቻ ጽፈው ያልፉ ነበር። ጥያቄውን እንደያዙ ሲመልሱ ግን ሁለተኛው ባዶ ቦታ አፍጥጦ ያያቸዋል፦ «የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በጣሊያን መንግሥት መካከል ተፈረመ።»

ያስቸገረን «ለምን» ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ በሱ አለቁ ማለት ይቻላል። «የታጠበ ልብስ ፀሐይ ላይ ለምን ቶሎ ይደርቃል?» የሚል ጥያቄ ሰጠሁ። ከአባላቱ ግማሽ ያህሉ «የታጠበ ልብስ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደርቃል ስለሚተን ነው» ብለው ጻፉ። ጥያቄውን ደግመዋል፤ እሱ ጥሩ ነው። ግን «ይደርቃል» ዓረፍተ ነገሩን ከዘጋ በኋላ «ነው» ብለው እንደገና ዘጉት። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሁለት ማሰሪያ አንቀጽ ተጋጨ። በዚያ ላይ «ስለሚተን» ማን ነው የሚተነው? ልብሱ?

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው «ይደርቃል»ን ወደ «የሚደርቀው» መለወጥና «ነው»ን መጨረሻ ላይ መተው፦ «የታጠበ ልብስ ፀሐይ ላይ ቶሎ የሚደርቀው ሙቀቱ ውሃውን ቶሎ ስለሚያተነው ነው።» ሁለተኛው ምክንያቱን ወደ መሃል አስገብቶ የጥያቄውን ግስ እንዳለ መጨረሻ ላይ ማኖር፦ «የታጠበ ልብስ ፀሐይ ላይ ሙቀቱ ውሃውን ስለሚያተነው ቶሎ ይደርቃል።» እኔ ለልጆች የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። «የሚደርቀው» ብሎ የጀመረ ልጅ ምክንያቱን ሳይጽፍ ማቆም አይችልም፤ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ይጠብቀዋል።

የካቲት ላይ፣ የአድዋ በዓል ሊደርስ ሲል፣ ያንን የጥቅምት ወረቀት አነሳን። ባለቤቱ ያኔ የክበቡ አባል ሆኗል፤ ራሱ ነው እንሥራው ያለው። ሰሌዳ ላይ ወጥቶ «የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ውዝግብ ያስነሳው» ብሎ ጻፈ። ትንሽ ቦታ ተወና «ስለማይመሳሰል ነው» ብሎ ጨረሰ። ከዚያ ባዶው ቦታ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ውሉ» ብሎ ሞላው። ጓደኞቹ «ውሉ ከምን ጋር?» አሉት። አጠፋው። «ትርጉሙ» አለ። «የምን ትርጉም?» አሉት። ዞሮ «ቲቸር፣ የማውቀው መስሎኝ ነበር» አለኝ።

ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ደቂቃ ያ ነው። «ስለማይመሳሰል» የምትለው ቃል ያላነበበውን ሸፍናለት ነበር። ከራሱም ጭምር። መጽሐፉን አውጥቶ ክፍሉን እንደገና አነበበ። የሚቀጥለው ረቡዕ ይህን ይዞ መጣ፦ «የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ውዝግብ ያስነሳው የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ ይቻላቸዋል ሲል የጣሊያንኛው ቅጂ ግን ስለሚያስገድዳቸው ነው።» «ስለማይመሳሰል» የሚለው ቃል ጨርሶ የለበትም። አላስፈለገውም።

ችግርም ነበረ። ጥያቄ መድገም ሲለመድ መልስ የሚመስል ባዶ ዓረፍተ ነገር ይወልዳል። አንዷ «አንቀጽ 17 ውዝግብ ያስነሳው አከራካሪ ስለነበረ ነው» ብላ ጻፈች። ሰዋስዉ ልቅም ያለ ነው፤ ውስጡ ግን ምንም የለም። ለዚህ በእርሳስ መሥራት ጀመርን። ከጥያቄው የመጡትን ቃላት፣ ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸውንም ጨምሮ፣ አስምሩባቸው። ያልተሰመረበት የቀረው መልሳችሁ እሱ ነው። የሷ ወረቀት ላይ «ስለነበረ ነው» ብቻ ቀረ። ወዲያው ገባት።

ሌላው የተውላጠ ስም ነገር ነው። «በአካባቢህ የሚገኝ አንድ ወንዝ ጥቀስ» ሲባል «በአካባቢህ የሚገኝ ወንዝ አዋሽ ነው» ብለው ይገለብጡታል። «በአካባቢዬ» መሆን አለበት። ጥያቄው ሦስት መስመር ሲሆን ደግሞ ሁሉንም መገልበጥ ሰዓት ይበላል። ባለቤቱንና ግሱን ብቻ ይዛችሁ ሌላውን ተዉት አልናቸው። «ሦስት ምሳሌ ዘርዝር» ለሚል ጥያቄም ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ መመሪያው ካላዘዘ በቀር መዘርዘር በቂ ነው።

ግንቦት ላይ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል መካከል ውድድር አደረግን። ዳኞቹ ጥያቄውን ሳያዩ መልሱን ብቻ እያነበቡ ጥያቄው ምን እንደነበር ይገምታሉ። በትክክል ከገመቱ ለቡድኑ ነጥብ ይሰጠዋል። 7ኛዎቹ አሸነፉ።

ያልጨረስነው «እንዴት» ነው። «ንቦች ማር እንዴት ይሠራሉ?» ለሚለው «ንቦች ማር የሚሠሩት የአበባ ወለላ በመቅሰም ነው» ብለው ይመልሳሉ። ቅርጹ ልክ ነው። ነገር ግን ንቧ ወለላውን በሆዷ ይዛ ወደ ቀፎ ትመለሳለች፤ ሌሎቹ ይቀባበሉታል፤ በክንፋቸው እያራገቡ ውሃውን ያተኑታል። ይህን ሁሉ አንድ «በመ…» አይሸከመውም። ስንት ዓረፍተ ነገር እንደሚያስፈልገው ልጁ ከጥያቄው እንዴት ይወቅ? መስከረም ላይ የምንጀምረው ከዚህ ነው።