በልደት ምስክር ወረቀቴ ላይ በስህተት የተጻፈው ስሜ እንዲታረምልኝ የቀረበ ቅሬታ

ለወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት
ደቡብ ወሎ

ጉዳዩ፦ የጽሕፈት ስህተትን እንደ ስም ለውጥ ቆጥሮ ወደ ፍርድ ቤት መምራትን ይመለከታል

የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ ከመጀመሩ ከብዙ ዓመታት በፊት የተወለድኩ ስለሆንኩ፣ ልደቴን ያስመዘገብኩት ካደግኩ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. በጽሕፈት ቤታችሁ ቀርቤ ነው። በመጠየቂያ ቅጹ ላይ ስሜን በራሴ እጅ «እንድሪስ» ብዬ ሞልቼ፣ የነዋሪነት መታወቂያዬንና የስምንተኛ ክፍል ምስክር ወረቀቴን ቅጂ አያይዤ አስገብቻለሁ። የተሰጠኝ የልደት ምስክር ወረቀት ግን «ኢድሪስ» ይላል። የአባቴና የአያቴ ስም፣ የትውልድ ቀኔና ቦታዬ በትክክል ተጽፈዋል። ወረቀቱ ሲሰጠኝ ማኅተሙን ብቻ አይቼ፣ በሚገባ ሳላነብ መቀበሌ የእኔ ጥፋት መሆኑን አልክድም። ስህተቱን ያወቅኩት በ2017 ዓ.ም. ፓስፖርት ለማውጣት ሄጄ፣ የልደት ምስክር ወረቀቴና መታወቂያዬ አይገጥሙም ተብዬ በተመለስኩበት ቀን ነው።

ስህተቱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለምሳሌ «ሐሰን» የሚል ስም በ«ሐ» ፈንታ በ«ሀ» ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ድምፁም በላቲን የሚጻፍበት ፊደልም ስለማይለወጥ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። «እንድሪስ» እና «ኢድሪስ» ግን በድምፅም ይለያያሉ፣ በላቲን ፊደልም አንዱ Endris፣ ሌላው Idris ተብሎ ይጻፋል፤ ሰነድ የሚያመሳክር ሰው ደግሞ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ያያቸዋል። መዝጋቢው ለምን እንዲህ እንደጻፉ ስጠይቃቸው «ትክክለኛው ኢድሪስ ነው፤ እንድሪስ የገጠር አጠራር ነው» አሉኝ። ወሎ ውስጥ እንድሪስ የሚባል ሰው የሌለበት መንደር ማግኘት ይከብዳል፤ ስሙ በዚህ አገር የሚጠራውም የሚጻፈውም እንደዚሁ ነው። ቢሆንም የክርክሬ መሠረት ይህ አይደለም። የመዝጋቢው ሥራ አስመዝጋቢው በማስረጃ ያስረዳውን ስም እንዳለ ማስፈር እንጂ፣ የስሙን ትክክለኛ አጠራር መወሰን አይመስለኝም።

ስህተቱን ይዤ ስመለስ የተሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፦ «ስም ለመቀየር የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጣ።» ቅሬታዬ በዋናነት ይህን መልስ የሚመለከት ነው፤ ምክንያቱም እኔ ስሜን ልቀይር አልጠየቅኩም። ስም መቀየር ማለት እስከ ዛሬ በአንድ ስም ሲጠራ የኖረ ሰው ከዛሬ ጀምሮ በሌላ ስም ልጠራ ብሎ መጠየቁ ነው። እርማት ደግሞ መዝገቡ መጀመሪያውኑ መያዝ የነበረበትን እንዲይዝ መጠየቅ ነው። ስሜ ከኢድሪስ ወደ እንድሪስ ተቀይሯል የሚል ውሳኔ ይዤ ብመጣ፣ ውሳኔው ከዚያ በፊት ኢድሪስ እባል እንደነበር በሕግ ያጸናብኛል። ያን ጊዜ በ«እንድሪስ» የተሰጡኝ የትምህርት ማስረጃዎች ሁሉ የማን እንደሆኑ እንደገና ላስረዳ ነው። በ2014 ዓ.ም. በተሰጠው የልጄ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ በአባትነት የተመዘገበው ስምም «እንድሪስ» ነው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሦስት ሰነዶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይበቃል፤ እነርሱም እኔ የሞላሁት ቅጽ፣ የክብር መዝገቡና ታትሞ የተሰጠኝ ምስክር ወረቀት ናቸው። መዝገቡ ትክክል ሆኖ ወረቀቱ ብቻ ከተሳሳተ፣ ምስክር ወረቀት ከመዝገብ የሚወጣ ስለሆነ የተሳሳተውን መልሶ በመዝገቡ መሠረት አዲስ መስጠት ነው። ቅጹ ትክክል ሆኖ መዝገቡ ከተሳሳተ፣ ስህተቱ ከቅጽ ወደ መዝገብ ሲገለበጥ የተፈጠረ ነው። ቅጹ ራሱ የተሳሳተ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ የእኔ ስለሚሆን፣ ማስረጃ የማቅረብ ሸክሙም የእኔ በሆነ ነበር። እኔ ሁለተኛ ስመጣ መዝጋቢው መዝገቡን ገልጠው አሳይተውኛል፤ በስም ዓምዱ «ኢድሪስ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያው ገጽ ግርጌ ግን የእኔ ፊርማ አለ፤ እኔ ስፈርም ስሜን ሙሉውን ስለምጽፍ «እንድሪስ» ተብሎ በግልጽ ይነበባል። «ፈርመሃልና ተቀብለሃል» ያሉኝ ሰው ያችኑ ፊርማ በጣታቸው እያመለከቱ ነበር። ቅጹን ግን ሣጥን ውስጥ ነው፣ አሁን አይገኝም ብለው አላወጡልኝም።

እስካሁን በቃል የተሰጡኝን ሌሎች ምክሮች አልተቀበልኩም። አንዱ በፋይዳ መታወቂያዬ ላይ ያለውን ስም ከልደት ወረቀቱ ጋር አስማማ የሚል ነበር፤ ይህ አንዱን ስህተት በሁሉም ሰነዶቼ ላይ ማባዛት ነው። ሌላው ወደ ሌላ ቀበሌ ሄደህ እንደገና ተመዝገብ የሚል ነበር። ለአንድ ልደት ሁለት ምዝገባ ማድረግ ሐሰት ነው፤ ይህ ምክር ከመንግሥት ሠራተኛ አፍ መውጣቱ ደግሞ ገርሞኛል። ወረቀቱ ላይ በእስክርቢቶ ማስተካከልማ ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ስለሚያደርገው ጭራሽ አላሰብኩትም።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤታችሁ መጠየቂያ ቅጼን ከተቀመጠበት አውጥቶ፣ እኔና የክብር መዝገብ ሹሙ ባለንበት ከመዝገቡ ጋር እንዲያመሳክር እጠይቃለሁ። ስህተቱ በመዝጋቢው መፈጠሩ ሲረጋገጥና እርማቱን ለመፈጸም ሥልጣን አለን ካላችሁ፣ የቀድሞው ጽሑፍ ሳይፋቅ እንደሚነበብ ሆኖ፣ እርማቱ ቀኑ፣ ምክንያቱና የሹሙ ፊርማ ተጽፎበት በማኅተም ይደረግልኝ። ወደ በላይ አካል የተላለፈ የመዝገብ ቅጂ ካለም ይኸው እርማት በደብዳቤ ይገለጽ፤ ታች ታርሞ ላይ ሳይታረም የቀረ መዝገብ ሌላ ጊዜ ችግር መፍጠሩ አይቀርምና። አሁን በእጄ ያለውን ምስክር ወረቀት መልሼ አዲሱን እቀበላለሁ። በአዲሱ ላይ ስሜ በአማርኛም በላቲንም ከመታወቂያዬ ጋር መግጠሙን በዚያው መስኮት ፊት ቆሜ ሳላነብ አልሄድም።

እርማቱ ያለ ፍርድ ቤት አይሆንም የምትሉ ከሆነ ደግሞ፣ ይህንኑ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ስጡኝ። ከደብዳቤው ጋር የቅጼና የመዝገቡ ገጽ ቅጂ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» ተብሎ በማኅተም ይሰጠኝ። ያለ እነዚህ ወረቀቶች ፍርድ ቤት ብቀርብ የማስረዳው በምስክሮች ብቻ ነው፤ በእነዚህ ግን የሚያከራክር ነገር ብዙ አይቀርም። አቤቱታዬንም በ«ስም ይቀየርልኝ» ሳይሆን በ«መዝገብ ይታረምልኝ» አቀርባለሁ። ጽሕፈት ቤታችሁም መልስ እንዲሰጥ ቢጠየቅ ይህን ልዩነት ጠብቆ እንዲመልስ ከወዲሁ አሳስባለሁ።

የፓስፖርት ማመልከቻዬ በዚህ ምክንያት ቆሞ ስለሚገኝ፣ ይህ ደብዳቤ ገቢ ከሆነበት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ መልስ ካላገኘሁ፣ ገቢ የተደረገውን ቅጂ ይዤ ቅሬታዬን ለበላይ ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የልደት ምስክር ወረቀቴን፣ የመታወቂያዬን፣ የስምንተኛ ክፍል ምስክር ወረቀቴንና የልጄን የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂዎች አያይዣለሁ። ዋናዎቹን ለማመሳከር በተጠራሁ ጊዜ ይዤ እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አመልካች እንድሪስ
ፊርማ ____________