የሒሳብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ 20 ወረቀት፣ ሦስት አሸናፊ

«እጅ አስወጥቶ መቁጠር እያለ ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን?» ያሉን ባልደረቦች አሉ። መልሱ ይኸው።

የመጀመሪያው መንፈቅ እንደወትሮው አለፈ። አባላት ተመዘገቡ፣ ሰብሳቢ ተመረጠ፣ በጥያቄና መልስ ውድድሩም ብዙ አልገፋንም። ጨዋታው የመጣው የጉብኝት ቦታ ስንመርጥ ነው።

20 አባላት ሦስት ቦታዎችን በደረጃ ጻፉ። 8ቱ ሙዚየም፣ ፋብሪካ፣ ፓርክ አሉ። 7ቱ ፓርክ፣ ፋብሪካ፣ ሙዚየም። የቀሩት 5 ደግሞ ፋብሪካ፣ ፓርክ፣ ሙዚየም።

አንደኛ ምርጫ ብቻ ከተቆጠረ ሙዚየም በ8 ድምፅ ያሸንፋል። ግን 12ቱ ልጆች መጨረሻ ያደረጉት እሱኑ ነው! በማጣሪያ ስንቆጥር፣ ከግማሽ በላይ ያገኘ ስለሌለ ትንሽ ድምፅ ያለው ፋብሪካ ወጣ። የእሱ 5 ወረቀቶች ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ዞሩ፤ ፓርክ 12 ለ8 አሸነፈ።

እኛ ግን አስቀድመን የተስማማነው ፈረንሳዊው ቦርዳ እ.ኤ.አ. በ1770 ባቀረበው ቆጠራ ነበር። ለአንደኛ 2 ነጥብ፣ ለሁለተኛ 1፣ ለሦስተኛ ምንም። ፋብሪካ 25፣ ፓርክ 19፣ ሙዚየም 16 ሆነ። ፋብሪካን ከሌሎቹ ጋር ሁለት ሁለት አድርገን ብናወዳድረውም ፓርክን 13 ለ7፣ ሙዚየምን 12 ለ8 ይረታል። በማጣሪያው ግን በመጀመሪያው ዙር የወደቀው እሱ ነው።

መጀመሪያ ስንደምር 57 ነጥብ ብቻ መጣ። እያንዳንዱ ወረቀት 3 ነጥብ ስለሚሰጥ 60 መሆን ነበረበት። የጎደለው ልክ አንድ ወረቀት ነው ማለት ነው። ተፈልጎ ከአሮጌ ፈተናዎች መሐል ተገኘ፤ የምርጫ ወረቀታችን የፈተና ጀርባ ነዋ! ሌላ ወረቀት ማን ሰጠን?

ፋብሪካውን ጎበኘን፣ ጥሩ ነበር። እኔን የነካኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የፓርክ ደጋፊዎች «ፋብሪካን ሆን ብለን መጨረሻ ብናደርገው እኮ እናሸንፍ ነበር» ብለው ተቆጩ። ከሙዚየም ወገን የሆነች አንዲት ተማሪ ጠመኔ አነሳችና ሰሌዳው ላይ ደመረችው። የ7ቱ ሁለተኛ ምርጫ ሙዚየም ሲሆን ፋብሪካ ወደ 18 ይወርዳል። ፓርክ እዚያው 19 ላይ ይቀራል። ሙዚየም ግን 23 ይደርሳል።

«ኧረ በናታችሁ፣ በሚቀጥለው እንደዚያ አድርጉ» አለቻቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ተንኮሉ የሚጠሉትን ሊያነግሥባቸው እንደነበር ያሳየቻቸው እሷ ናት፤ እኔ አፌን አልከፈትኩም።

በሚቀጥለው ዓመት የተማሪዎች ተወካይ ምርጫን በማጣሪያ ለመቁጠር አስበናል። የቦርዳ ነጥብ በየክፍሉ ተደምሮ ድምሩ ብቻ ቢላክ ይበቃል። ማጣሪያ ግን ማን ቀድሞ እንደሚወጣ የሚታወቀው የሁሉም ክፍል ድምፅ ሲደመር ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ በየዙሩ ይደለደላል። ለዚህ የሚቆለፍ ሣጥን፣ ሰፊ ጠረጴዛና ጀርባው ያልተጻፈበት ወረቀት ያስፈልገናል። ጥያቄያችንን ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አስገብተናል። ወላጆችም ቢያግዙን እጃችንን ዘርግተን እንቀበላለን።