ጌማችሁ ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት ለምን አቃተው? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሳምንት ስልካችን አላረፈም። ሁላችሁም የነገራችሁን አንድ ዓይነት ነገር ነው። ጌሙ ይከፈታል። አካውንታችሁ ውስጥ ትገባላችሁ። ጓደኞቻችሁም ኦንላይን እንዳሉ ይታያችኋል። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ግን ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ በመጨረሻ ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልቻልኩም ይላል። ብሮውዘሩ ደግሞ ምንም አልሆነም። እናም ጥፋቱን እኛ ላይ ፈለጋችሁ። ልክ ናችሁ፣ በኮምፒውተራችሁ ፋየርዎል ላይ ለውጥ ያደረግነው እኛ ነን። አስቀድመን ሳንነግራችሁ ማድረጋችን ስህተት ነበር፤ ይቅርታ።

ለውጡን ግን አልመለስነውም። ለምን እንዳልመለስነው እንድትሰሙኝ እለምናችኋለሁ።

ዊንዶውስ ሲጫን ፋየርዎሉ የሚጠብቀው ከውጭ የሚገባውን ነው። ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ግን የሚከለክል ደንብ ካልተጻፈለት በቀር ሁሉንም ያሳልፋል። በቅርቡ ለጥገና በመጡ ሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ከጌም ማሻሻያ ፋይል ጋር ተደብቆ የገባ ፕሮግራም አገኘን። ብሮውዘሩ ያስቀመጣቸውን የይለፍ ቃላት እየሰበሰበ ወደ ውጭ ይልክ ነበር። ፋየርዎሉ በርቶ ነበር፤ የሚወጣውን እንዲይዝ ግን ማንም አላዘዘውም። ከሦስቱ አንዱ ደንበኛ ለዓመታት የለፋበትን አካውንት አጥቷል። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ምንም ሊናገር አልቻለም። እኔም የምለው አጣሁ።

ስለዚህ በምንጠግናቸው ኮምፒውተሮች ላይ ወጪውን ትራፊክ በሙሉ ዘጋን። መውጣት የሚችለው ደንብ የተጻፈለት ፕሮግራም ብቻ ሆነ። ለብሮውዘሮችና ለጌም ላውንቸሮች ደንብ ጻፍን። በቂ ነው ብለን ነበር፤ አልበቃም።

አንዳንዶቻችሁ «ፋየርዎሉን አጥፉልንና እንገላገል» አላችሁን። እምቢ በማለታችን ወደ ሌላ ጠጋኝ የሄዳችሁም አላችሁ። ይህ አሳዝኖኛል፣ አልደብቅም። ይህን ሥራ ብቻዬን በአንድ ጠረጴዛና በአንድ የመፍቻ ስብስብ ነው የጀመርኩት። አሁን ሦስት ነን። የመለዋወጫ ዋጋ ስንት ጊዜ ሲጨምር የጥገና ክፍያውን አልነካንም፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁን ከመጀመሪያው ኮምፒውተራችሁ ጀምሮ አውቃችኋለሁ። ፋየርዎሉን ማጥፋት ለእኛ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ስልኩም ዝም ይልልን ነበር። ግን የዚያን ልጅ ፊት ካየሁ በኋላ እጄ እሺ አላለኝም። መዝጋቱ ሁሉን ነገር እንደማይከላከል አውቃለሁ። የአስተዳዳሪ መብት ያገኘ ቫይረስ ለራሱ ደንብ ሊጽፍ ይችላል። የእነዚያ የሦስቱ ዓይነት ግን እዚያው ይቀር ነበር።

አሁን ወደ መፍትሔው። አንዱን ደንበኛችንን ላንሳ፤ የብዙዎቻችሁ ችግር የእሱ ነውና።

በኮምፒውተሩ ላይ ለላውንቸሩም ለጌሙም ደንብ ነበር። ጌሙ ግን አልወጣም። ፋየርዎሉ የከለከለውን የሚመዘግብበትን ፋይል ከፈትን። ቦታው ይህ ነው፣ ኖትፓድን በአስተዳዳሪ መብት ከፍታችሁ ታነቡታላችሁ፦

```
C:\Windows\System32\LogFiles\Firewall\pfirewall.log
```

መዝገቡ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ግን አብርተነዋል። ውስጡ እንዲህ የሚል መስመር ተደጋግሞ ነበር፣ የሰርቨሩን አድራሻ ቀይሬዋለሁ፦

```
DROP UDP 192.168.1.14 203.0.113.25 51822 7777 0 - - - - - - - SEND
```

DROP ማለት ተጥሏል ማለት ነው። SEND ደግሞ ከእኛ ኮምፒውተር የሚወጣ ነበር ማለት ነው። 7777 በሰርቨሩ በኩል ያለው ፖርት ነው። ላውንቸሩ እንደ ብሮውዘር በ443 ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ መግባቱም የጓደኞች ዝርዝሩም ሠሩ። ጨዋታው ራሱ ግን በሌላ መንገድ፣ በሌላ ፕሮግራም ነው የሚሄደው።

የትኛው ፕሮግራም? እኛ የሳትነው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጌሞች በዋናው ፎልደር ውስጥ የምታዩት ፋይል ማስነሻ ብቻ ነው። እውነተኛው ጌም Binaries ከዚያም Win64 በሚባል ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ፣ ስሙ በ -Win64-Shipping.exe ያልቃል። የፋየርዎል ደንብ የሚሠራው ለተጻፈለት ፋይል ብቻ ነው፤ ያ ፋይል ለሚያስነሳው ለሌላው አይተላለፍም። እኛ ለማስነሻው ፈቅደን እውነተኛውን ውጭ አስቀርተነዋል።

ትክክለኛውን ፋይል ለማግኘት ጌሙን ክፈቱና ወደ Task Manager ሂዱ። Details በሚለው ገጽ ላይ ብዙ ሜሞሪ የያዘውን የጌሙን ስም በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ Open file location በሉ። ያ ፎልደር ነው ትክክለኛው። ከዚያ ጌሙን ዝጉ፣ በስታርት ሜኑ wf.msc ጻፉና ክፈቱ። በግራ በኩል Outbound Rules፣ በቀኝ በኩል New Rule። Program የሚለውን መርጣችሁ ያገኛችሁትን ፋይል ስጡት። ቀጥሎ Allow the connection በሉ። ይህ ቀድሞ ተመርጦ አይጠብቃችሁም፤ ተመርጦ የምታገኙት Block the connection ነው፣ ሳያዩ Next ማለት ብዙ ሰው አሳስቷል። Profile ሲጠይቃችሁ ኮምፒውተሩ ያለበትን ኔትወርክ ምረጡ። ደንቡን ለ Private ብቻ ጽፋችሁ ዊንዶውስ ኔትወርኩን Public ብሎ ከያዘው ደንቡ ምንም አይሠራም። ስም ስጡትና ጨርሱ። ኮምፒውተሩን ማጥፋት አያስፈልግም፣ ጌሙን እንደገና መክፈት ይበቃል።

ከእናንተ ብዙዎች በ Control Panel በኩል Allow an app የሚለው ዝርዝር ውስጥ ጌሙን ጨምራችሁ አልሠራ ብሏችኋል። ድካማችሁ ገብቶኛል። ግን በዚያ በኩል የምትጨምሩት ፕሮግራም ደንብ የሚጻፍለት ለሚገባው ትራፊክ ነው። የእኛ ችግር የሚወጣው ላይ ነው። ዊንዶውስ ለሚወጣው ትራፊክ «ልፍቀድ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ለዚህ ነው ምንም መልእክት ያላያችሁት።

ደንቡን በትክክል ጽፋችሁም እምቢ ካለ፣ Outbound Rules ውስጥ የጌሙን ስም ፈልጉ። በቀይ ምልክት የተያዘ ደንብ ካለ መከልከያ ነው። ፈቃድና ክልከላ ሲጋጩ የሚያሸንፈው ክልከላው ነው፤ አሥር ፈቃድ ብትጨምሩም አንዱ ቀይ ይበልጣቸዋል። እሱን Disable በሉት። አንድ ደንበኛችን ሁለት ቀን ሙሉ የታገለው ከዓመት በፊት ራሱ ከጻፈው ክልከላ ጋር ነበር።

ጌሙ በአፕዴት ፎልደር ከቀየረ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ ካዛወራችሁት ደንቡ የድሮውን ቦታ ይዞ ይቀራል። ያኔ ፋይሉን እንደገና አሳዩት።

ራሳችሁ መንካት ካልፈለጋችሁ ኮምፒውተሩን አምጡት። የዚህን ለውጥ ማስተካከያ ያለ ክፍያ እንሠራለን፤ ጌማችሁ ሲገናኝ እዚያው አይታችሁ ትሄዳላችሁ። ሁሉን አውቃችሁ አሁንም ወጪው ትራፊክ እንዲከፈትላችሁ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ኮምፒውተሩ የእናንተ ነው፤ እንከፍትላችኋለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ደውላችሁ አናግሩኝ።

በአክብሮት፣
የድርጅቱ ባለቤት